ሊቀመንበራችን እጁን ዝቅ ሲያደርግ ሕዝቡ ተቀመጠ

የጥፋቱ ግማሽ የኔ ነው። እንጀራዬ ሰው ፊት ቆሞ መናገርን ማሠልጠን ነው። ኮዬ ፈጬ የምንኖርበት ብሎክ የኮሚቴ ሊቀመንበር «እሁድ ስለ ውኃ ፓምፑ ነዋሪውን ላናግር ነው፤ እስቲ አንድ ሁለት ነገር ጣል አድርግልኝ» ሲለኝ ደረጃው ላይ እንደቆምን ጣል አደረግኩለት። በቃ፣ አንድ ሁለት ነገር ብቻ።

የቀረው ግማሽ ጥፋት የ7 በመቶው ነው። ሰውዬው ከሆነ ሥልጠና ላይ «ከመልእክቱ ውስጥ ቃል 7 በመቶ፣ ድምፅ 38፣ ሰውነት 55 ነው» የሚለውን ሰምቶ ነበር። ቁጥሩ የመጣው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜህራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ከታተሙለት ጥናቶች ነው። እዚያ ሰዎች የሰሙት ነጠላ ቃላት ነው፤ የተጠየቁትም ተናጋሪው ምን ስሜት እንዳለው ነው። ቃልና ፊት ሲጣሉ ሰው ስሜቱን ከፊት ላይ ያነባል፤ እዚህ ድረስ ልክ ነው። የፓምፕ ዋጋን ግን ማንም ከትከሻ ላይ አያነብም። ሊቀመንበራችን ይህ አልተነገረውም፤ 93 በመቶውን በእጁ ሊሸፍን ቆርጦ መጣ።

እሁድ ጠዋት 3 ሰዓት። የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፤ 60 ያህል ሰው የላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ አሥራ ምናምን የሚሆኑ ወንበር ያላገኙ ከኋላ ቆመዋል። ሊቀመንበራችን ማይኩን በቀኝ እጁ ጨብጦ ኮብልስቶኑ ላይ እንደ ባንዲራ እንጨት ቀጥ አለ። ጉልበቱን ቆልፎታል። ሁለት እግር ገጥሞ ጉልበት ቆልፎ የቆመ ሰው ወይ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ወይ ብዙ ከቆየ ደሙ እግሩ ላይ ቀርቶ ራሱን ያዞረዋል። የእሱ ዕጣ መወዛወዝ ሆነ።

መጀመሪያ «ፓምፑ ከተሠራ የኤሌክትሪክ ወጪያችን ዝቅ ይላል» አለና ግራ እጁን ወደ ሰዉ ዘርግቶ፣ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ፣ ቀስ እያለ አወረደ። ከኋላ የቆሙት ተያዩና ኮብልስቶኑ ላይ ተቀመጡ። አንዷ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። እሱ ግራ ገባውና «ዝቅ ይላል!» ብሎ ደገመው፤ አሁን ጣቶቹንም ወደ ውስጥ እያጠፈ። የበሩ ጥበቃ «አቤት!» ብሎ እየሮጠ ድንኳን ውስጥ ገባ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ አገር መዳፍን ወደ ታች አድርጎ ወደ ሰው መዘርጋት «ተቀመጡ» ወይም «ረጋ በሉ» ነው፤ ጣቶቹ ከታጠፉ ደግሞ «ና» ነው። እነዚህ ምልክቶች ቃል አያስፈልጋቸውም፤ ሰው ሳያስብ ይታዘዛቸዋል። ከሚነገረው ቃል ጋር ሲጣሉም የሚያሸንፉት እነሱ ናቸው። እጅ ወደ ሰው ከሄደ ትእዛዝ ይሆናል፤ በደረትና በወገብ መካከል፣ ከራስ ሰውነት ሁለት ስንዝር ሳይርቅ ከቀረ ግን ለወሬው ሥዕል ይሆናል። «ዝቅ ይላል» ለማለት እጅን ደረት ፊት ለፊት ይዞ፣ መዳፉን ወደ ራስ አዙሮ፣ አንድ ስንዝር ማውረድ ይበቃል። ሲያወርዱም የራስን እጅ ማየት ነው። ተናጋሪው ራሱ ያየውን ሰውም ያየዋል፤ ሰው ሰውን እያየ ያወረደው እጅ ግን ለሚታየው ሰው የተላከ ይመስላል።

ሁለተኛው ቁጥሩ ላይ ነው። አዲስ ፓምፕ 120,000 ብር ነው፤ 80 ቤት ነን፤ ስለዚህ ለየቤቱ 1,500 ይደርሳል። ይህን በእጁ ምት ሊያስረግጥ አሰበ። ምቱን የመታው ግን ማይክ በያዘው እጁ ነው። «አንድ» ሲል ማይኩ አፉ ጋ ነበር፤ «ሺህ አምስት» ሲል ማይኩ ጆሮው አካባቢ ደረሰ፤ «መቶ ብር» ሲል ተመለሰ። ድምፅ ማጉያው ለሕዝቡ ያደረሰው «አንድ… መቶ ብር» የሚለውን ነው። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። እማማ ከፊት ረድፍ «እግዜር ይስጥልን ልጄ፣ አንተ ስትመረጥ ነው ያመንኩህ» ብለው እልል አሉ።

እርማት ሲሰጥ የተፈጠረውን አልጽፈውም። ማይክ የያዘ እጅ የማይክ ብቻ ነው፤ ክርኑ ጎን ላይ ይለጠፋል፤ ማይኩ ከአፍ አራት ጣት ያህል ርቆ ከአገጭ ጋር አብሮ ይዞራል። ምልክት የሚሠራው በባዶው እጅ ነው።

ሦስተኛው ግን ቀጥታ ከኔ አፍ የወጣ ነው። «ዓይንህን አታንከራትት፤ አንድ ሰው ምረጥ፣ አንዱን ሐሳብ እስክትጨርስ ከሦስት እስከ አምስት ሰከንድ እሱን እያየህ ተናገር፣ ከዚያ ወደ ሌላ እለፍ» ብዬው ነበር። ምክሩ በራሱ ደህና ነው። ዓይኑን እንደ መጥረጊያ የሚያዞር ሰው ማንንም አያናግርም፤ በዐረፍተ ነገር መሐል ከአንዱ ወደ አንዱ የሚዘልም የሸሸ ይመስላል። ከአምስት ሜትር በላይ ሲርቅ ደግሞ አንዱን ሲያዩት በዙሪያው ያሉት አራት አምስት ሰዎችም «እኔን ነው ያየኝ» ስለሚሉ ስድሳውን ሰው አንድ በአንድ መዞር አያስፈልግም።

ያልነገርኩት፣ የትኛው ዐረፍተ ነገር ማን ላይ እንደሚወድቅ አስቀድሞ መታሰብ እንዳለበት ነው። ሊቀመንበራችን «ከመካከላችን ሦስት ወር ሙሉ መዋጮ ያልከፈለ አለ» አለና፣ በተባለው መሠረት ሐሳቡን እስኪጨርስ አንድ ሰው ላይ ዓይኑን ተከለ። የወደቀው ጡረታ በወጡት መምህር ላይ ነው። በብሎኩ ውስጥ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የሚከፍሉ ሰው ቢኖሩ እሳቸው ናቸው።

አንድ ሰከንድ። ሁለት። መምህር ተነሡ። «እኔን ነው?»

እሱ ደግሞ «አይ መምህር» እንደማለት፣ ሐሳቤ አላለቀም ብሎ ዓይኑን ሳይነቅል «ይህ ደግሞ ለሁላችንም አሳፋሪ ነው» ብሎ ጨረሰ። አምስት ሰከንዱን ሞላ። መምህር ምንም ሳይናገሩ ወጡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ በፌስታል ሙሉ ደረሰኝ ይዘው ተመለሱና ከመጀመሪያው ወር ጀምረው በማይክ ያነቡ ጀመር።

በኛ ዘንድ ነገሩ ድርብ ነው። ታላቅን ትክ ብሎ ማየት በራሱ ድፍረት ነው፤ ቋንቋው ራሱ «ዓይን አውጣ» ይላል። ስለዚህ ለሽማግሌ ከአጭር ሐረግ በላይ አይቆይም፤ መጀመሪያ ራስን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሰላምታ መስጠት፣ ከዚያ ቅንድባቸው አካባቢ አየት አድርጎ ሐረጉ ሲያልቅ ጎናቸው ወዳለው ሰው ማለፍ ነው። ወቀሳ ያለበት ዐረፍተ ነገር ግን ማንም ላይ አያርፍም። ወደ ወረቀቱ ይሄዳል። ዓይን ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ የሰዉም ዓይን ተከትሎ ወረቀቱ ላይ ያርፋል፤ ተወቃሹ ሰውዬው መሆኑ ይቀርና መዝገቡ ይሆናል።

ስብሰባው ሳይወሰን ተበተነ። በሳምንቱ ማታ ማታ እኔ ሳሎን ሦስት ጊዜ ተገናኘን፤ የሠራነው አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ብናስጠግነው ከየቤቱ 500፣ አዲስ ብንገዛ 1,500።» (ጥገናው በጠቅላላ 40,000 ነው።)

መጀመሪያ እግር። በትከሻ ስፋት ከፍቶ፣ ጉልበትን ላላ አድርጎ፣ ክብደቱን ሁለቱም እግር ላይ እኩል ማሳረፍ። ከዚያ ቦታ። ማይክ ስለሚይዝ ነፃ የሚሆነው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ ሁለቱን አማራጭ በአንድ እጅ ግራና ቀኝ ማስቀመጥ ራስን ያጠላልፋል፤ ስለዚህ በእግሩ እንዲያስቀምጣቸው አደረግን። ጥገናውን ከአንዱ የድንኳን ምሰሶ አጠገብ ቆሞ ይናገራል፤ ዝም ብሎ ሦስት እርምጃ ይራመዳል፤ ይቆማል፤ አዲሱን ይናገራል። እየተራመደ አይናገርም፤ ቁጥር እየተራመዱ ሲነገር አንዱ ከሌላው ይደባለቃል።

እዚህ ጋ ሁሉም የሚስተው ነገር አለ። እሱ ከራሱ ግራ ወደ ራሱ ቀኝ ሲራመድ ለተቀመጠው ሰው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። እኛ የምናነበው ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ መጀመሪያ የሚነገረው ለታዳሚው በግራ መሆን አለበት፤ ይህ ማለት ለተናጋሪው በቀኙ። ሊቀመንበራችን ይህን ለመቀበል ሁለት ማታ ፈጀበት። ሦስተኛው ማታ ባለቤቴን ሶፋው ላይ አስቀምጠን «ጥገናው የት ነው ያለው?» ብለን ጠየቅናት፤ ወደ ግራዋ ጠቆመች፤ አመነ።

የቀረው ጊዜው ነው። የእጅ ምልክት መነሻ፣ ምትና መመለሻ አለው። ምቱ ጎላ ብሎ ከሚነገረው ቃል ጋር እኩል፣ ቢበዛ በጣም በትንሹ ቀድሞ ማረፍ አለበት። «አምስት መቶ» ሲል እጁ ገና «ብናስጠግነው» ላይ እያለ ከወገብ መነሣት ነበረበት። እሱ ግን ቃሉን ይጨርስና አስታውሶ እጁን ያነሣል፤ ያን ጊዜ ማንም ሰው «ተለማምዶ ነው የመጣው» ይላል፣ የተፈጥሮ እጅ ከቃሉ ኋላ አይመጣምና። የሚታረመው ደግሞ እጅን በመቁጠር አይደለም። ዐረፍተ ነገሩን እጁን ወገቡ ላይ አሳርፎ አሥር ጊዜ አስባልኩት፤ ቃሉ አፉ ውስጥ ሲላላ እጁ በራሱ ጊዜ ተነሣ።

በተከታዩ እሁድ ቀኝ ምሰሶው ጋ ቆመ፤ «ብናስጠግነው ከየቤቱ 500» አለ፤ ተራመደ፤ ቆመ፤ «አዲስ ብንገዛ 1,500» አለ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም ሰምቶታል ማለት ነው። የመዋጮው ነገር ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን እያየ «ሦስት ወር ያልከፈሉ 11 ቤቶች አሉ» አለ። ስድሳ አንገት ወደ ወረቀቱ ተመዘዘ። ጥገናው በእጅ ብልጫ አለፈ። የቆሙትም እንደቆሙ ቀሩ።

መምህር ያን ቀንም ፌስታላቸውን ይዘው ነው የመጡት። ከፊት ረድፍ፣ ጭናቸው ላይ አድርገው።