ጥያቄው ከታች ተቀብሮ ነበር፦ የወንድሜን ኢሜይል እንዴት እንደገለበጥኩት

ወንድሜ የሚኖረው ካናዳ ነው። ለመኖሪያ ፈቃድ ለማመልከት ዲግሪውን ደብሊው ኢ ኤስ በሚባለው ተቋም ማስገምገም ነበረበት። ለዚህ ደግሞ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ፣ በታሸገና ማኅተም ባረፈበት ፖስታ፣ በቀጥታ መላክ አለበት። እጁ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ አይሠራም። አካውንት መክፈቱ፣ ክፍያው፣ የማመልከቻ ቁጥር ማውጣቱ በአንድ ምሽት አለቀ። ለእኔም ውክልና ላከልኝ። የቀረው ለሬጅስትራሩ ኢሜይል መጻፍ ብቻ ነበር። ክረምቱን ሙሉ የበላችው ያቺ ኢሜይል ናት።

የጻፈው እንዲህ ነበር። ስምና ቁጥር አውጥቻለሁ፣ ቅደም ተከተሉ ግን የራሱ ነው።

ርዕስ፦ ጥያቄ
«በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ በ2006 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲያችሁ በሲቪል ምህንድስና የተመረቅሁ ሲሆን፣ ከተመረቅሁ በኋላ በአንድ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ ተቀጥሬ ስሠራ ቆይቻለሁ። በዚያን ጊዜ ኮስት ሼሪንግ ከደመወዜ ሲቆረጥ ቆይቶ በ2011 ዓ.ም. ጨርሼ፣ ክሊራንስ አስገብቼ ዋናውን ዲግሪ ወስጃለሁ። ዲግሪዬን ስወስድ የአያቴ ስም በእንግሊዝኛ በስህተት ተጽፎ ስለነበረ አመልክቼ ተስተካክሎልኛል። በ2015 ዓ.ም. ወደ ካናዳ መጥቼ እየሠራሁ እገኛለሁ። እዚህ አገር ደግሞ የውጭ ትምህርት መገምገም ስላለበት፣ ክፍያውን እህቴ እዚያው መክፈል የምትችል ከሆነ፣ በመሆኑም ከላይ በተጠቀሰው መሠረት ትራንስክሪፕቱ እንዲላክልኝ በትህትና እጠይቃለሁ።»

መልስ መጣ። አንድ መስመር ነው፦ «የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ የሚመለከተው ፋይናንስን ስለሆነ እዚያ ያመልክቱ።»

ወንድሜ ያልገባቸው ስላላብራራሁ ነው ብሎ አሰበ። በዚያው ኢሜይል ስር መልሶ ጻፈ፤ አሁን ደግሞ የስም ማስተካከያውን ታሪክ በሰፊው ጨመረበት። ሁለተኛው መልስ፦ «ስም ለማስተካከል በአካል ወይም በወኪል ይቅረቡ።»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቢሮውን ይሰድባል። እኔም ተናድጄ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። አንድ ሰው እስከ መጨረሻው መስመር ቢያነብ ኖሮ ጉዳዩ ያኔ ያልቅ ነበር። ግን መልሶቹን ደግማችሁ እዩአቸው። ሁለቱም መልስ የሰጡት ለታሪኩ ነው። ሠራተኛው ከላይ ወደ ታች ሲያነብ፣ መልስ ሊሰጥበት የሚችል የመጀመሪያ ጉዳይ ሲያገኝ ቆሟል። የጻፋችሁት ኢሜይል ጥያቄው እንደተቀበረ የምታውቁት በዚህ ነው፤ መልስ ይመጣል፣ ግን ያልጠየቃችሁትን ይመልሳል። ዝም ከተባላችሁ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል። የተሳሳተ መልስ ግን ከአጻጻፉ ቅደም ተከተል ነው የሚመጣው።

ውክልናዬን ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ «ጥያቄዎን ከነሙሉ ዝርዝሩ በኢሜይል ያቅርቡ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከውስጥ ያሉት ጋሼ ደግ ሰው ናቸው። «የኔ ልጅ፣ የትኛው ነው ኢሜይሉ?» ብለው ስክሪናቸውን ወደ እኔ አዞሩት። ያየሁት ነገር ሁሉንም አስረዳኝ። መስመር በመስመር የተደረደረ ዝርዝር ነው። የላኪው ስም፣ ርዕሱ፣ ከዚያ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቃላት። «ጥያቄ — በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን…»፣ ከስሩ «ጥያቄ — በቅድሚያ የከበረ…»፣ ከስሩ «ትብብር ስለመጠየቅ — ከሁሉ አስቀድሜ…»። የወንድሜን ከሌላው የሚለይ ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ያንን የመስኮት ማስታወቂያ አትስሙት እላለሁ። ሙሉ ዝርዝር የሚፈለገው ጥያቄው ከታወቀ በኋላ ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ኢሜይሉን ገለበጥኩት። ይህንን ነው ቀስ ብዬ መናገር የምፈልገው።

መጀመሪያ ጥያቄውን መፈለግ ነው። በእኛ የማመልከቻ አጻጻፍ ጥያቄ ያለው ሁልጊዜ «በመሆኑም»፣ «ስለሆነም» ወይም «ስለዚህ» ከሚሉት በኋላ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው እንደዚያ ነው፤ መግቢያ፣ ታሪክ፣ ምክንያት፣ መጨረሻ ላይ «በትህትና እጠይቃለሁ»። ያንን ዓረፍተ ነገር ቆርጬ ከላይ ለጠፍኩት። ለጥፎ መተው ግን አይቻልም፣ ምክንያቱም ዓረፍተ ነገሩ ከታች ሳለ በታሪኩ ላይ ተደግፎ ነበር። «በመሆኑም» አሁን ከምንም አይቀጥልም። «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» ይላል፣ ከላይ ግን ምንም የለም። «ትራንስክሪፕቱ» ይላል፣ የማን? የትኛው? ወደ ማን? ስለዚህ ብቻውን መቆም እንዲችል እንደገና ጻፍኩት፦ «ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴን ወደ ደብሊው ኢ ኤስ ካናዳ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ።» ይህንን ብቻ አንብቦ የሚያቆም ሰው እንኳን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

ሁለተኛ፣ ሌላ የተደበቀ ጥያቄ አለ ወይ ብዬ ፈለግሁ። ነበረ። «ክፍያውን እህቴ እዚያው መክፈል የምትችል ከሆነ» የሚለው መሀል ላይ የተሸጎጠ ጥያቄ ነው። እንደ ጥያቄ ስላልተጻፈ ማንም አልመለሰውም። አውጥቼ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ለብቻው አስቀመጥኩት።

ሦስተኛው ታሪኩ ነው። እዚህ ላይ ከወንድሜ ጋር በስልክ ተከራከርን። እሱ ሁሉም ያስፈልጋል ባይ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ ይህ ቢወጣ ሠራተኛው የሚያደርገው ነገር ይለወጣል? የመንገድ ሥራው ቢወጣ ምንም አይለወጥም። ካናዳ መቼ እንደገባም እንደዚያው። የኮስት ሼሪንጉ ግን ይለወጣል፤ ክፍያው ስለማለቁ ማስረጃ ከሌለ ዩኒቨርሲቲው ሰነድ ይይዛል። የስሙም ይለወጣል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው የአያት ስም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ካልገጠመ ገምጋሚው ጋ ችግር ይፈጥራል። የተመረቀበት ዓመትም በሁለቱም አቆጣጠር መግባት አለበት፤ እዚህ ፋይል የሚፈለገው በ2006 ነው፣ እዚያ የሚነበበው በ2014። እነዚህን ሦስቱን አስቀረሁ፣ ግን አጻጻፋቸውን ቀየርኩ። የድሮው ኢሜይል «አመልክቼ ተስተካክሎልኛል» ብሎ ታሪክ ይተርክ ነበር። አዲሱ ያለቀ ጉዳይ መሆኑን ተናግሮ ማስረጃውን ያሳያል።

አራተኛው ሰላምታው ነው። ወንድሜ በጣም የተቃወመው ይህንን ነው። «ሰው ቤት ገብተሽ ሳትቀመጪ ብድር እንደመጠየቅ እኮ ነው» አለኝ። ስሜቱ ይገባኛል። ግን አክብሮቱ ያለው «እንዲልኩልኝ» በሚለው ውስጥ ነው፤ «ላኩልኝ» አላልንም። «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ በቀጥታ መግባት ማንንም አያስቀይምም። ረጅሙ ሰላምታ እኮ ያንን ትንሽ የስክሪን ቦታ ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። ምስጋናውን ወደ መጨረሻ ወሰድነው።

የወጣው ይህ ነው፦

ርዕስ፦ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ወደ ደብሊው ኢ ኤስ ካናዳ እንዲላክ — ሙሉ ስም፣ የተማሪ መታወቂያ ቁጥር፣ ሲቪል ምህንድስና 2006
«ጤና ይስጥልኝ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴን ወደ ደብሊው ኢ ኤስ ካናዳ እንዲልኩልኝ እጠይቃለሁ። አድራሻውና ፖስታው ላይ የሚጻፈው የማመልከቻ ቁጥር ተያይዟል። እስከ ጥቅምት 30 ቢላክልኝ ይደርስልኛል።
ክፍያውን ወኪሌ የሆነችው እህቴ መስኮት ላይ መክፈል ትችላለች? ውክልናው ተያይዟል።
ለሥራዎ የሚረዳ መረጃ፦ የተመረቅሁት በሐምሌ 2006 ዓ.ም. (ጁላይ 2014) ነው። ኮስት ሼሪንግ ተከፍሎ አልቋል፣ ክሊራንሱ ተያይዟል። የአያቴ ስም በ2011 ዓ.ም. ተስተካክሏል፤ ትክክለኛው አጻጻፍ በተያያዘው ፓስፖርት ላይ ያለው ነው።
ስለ ትብብርዎ አመሰግናለሁ።»

ወንድሜ ይህንን በድሮው ኢሜይል ስር ሊልከው ነበር። አስቆምኩት። እንደዚያ ከላካችሁ ርዕሱ ያው «ጥያቄ» ሆኖ ይቀራል፣ የድሮው ታሪክም ከስሩ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። አዲስ ኢሜይል ክፈቱ። ፋይሎቹንም በስልክ ካሜራ ቁጥር አትላኩ፤ «ክሊራንስ»፣ «ውክልና» ብላችሁ ሰይሙ። ጽሑፉ «ተያይዟል» ሲል አንባቢው ሳይከፍት የትኛው እንደሆነ ማየት አለበት።

መልሱ በሳምንቱ ውስጥ መጣ፤ «ወኪልዎ መክፈል ይችላሉ፣ ደረሰኝ ሲያመጡ ይላካል።» ሁለቱም ጥያቄ ተመለሰ። ከፍዬ፣ ፖስታው ሲታሸግ ቆሜ አይቼ ወጣሁ። ኢሜይሉን በማስተካከሌ እኮራለሁ። ያለፈው ክረምት ግን ያንገበግበኛል።

ይህ አጻጻፍ ለሁሉም ይሆናል አልልም። ለቀድሞ መምህራችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ፣ ብዙ ተማሪ ያስተማሩ ሰው ናቸውና መጀመሪያ ማን እንደሆናችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፦ የትኛውን ኮርስ፣ በየትኛው ዓመት፣ የመመረቂያ ሥራችሁ ምን እንደነበር። ጥያቄው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይሁን። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ስትጽፉም ጥያቄ አይቀድምም፤ እንዲያውም ያን ቀን ጥያቄውን ተዉት።

መልስ ዘግይቶ ማስታወሻ ስትልኩም «ቀደም ሲል የላክሁትን ይመልከቱልኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። ያንን የሚያነበው ሰው ሌላ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፣ የድሮውንም ላያገኘው ይችላል። የጥያቄውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ድገሙት፣ የላካችሁበትን ቀን ከስሩ ጻፉ፣ ፋይሎቹን እንደገና አያይዙ።