የሳምንት ምሳ ዋጋዬንና ቀን የማስቀረት ደንቤን ያወጣሁበት ስሌት

ቤቴ አብስዬ ቢሮ ድረስ የማደርሰውን ምሳ በሳምንት ክፍያ መሸጥ ስጀምር፣ ዋጋ ከማውጣቴ በፊት ወጪዬን ሁለት ቦታ ከፈልኩት። አንደኛው በእያንዳንዱ ምሳ ላይ የሚጨምር ነው፤ አስቤዛው፣ ማሸጊያው፣ ጋዙና የእጅ ዋጋው። ሁለተኛው የመንገዱ ነው። አድራሹ ወደ አንድ ሕንፃ ሦስት ምሳም ይዞ ቢሄድ አሥር፣ የምከፍለው ያው ነው። ከዚህ በኋላ ያወጣኋቸው ደንቦች ሁሉ ከዚህ ልዩነት የመጡ ናቸው።

ስሌቱ እንዲቀል አንድ ምሳ በነጠላ ሲታዘዝ ዋጋው 100 ነው እንበል፤ የቀሩትን ቁጥሮች ከዚያ አንጻር ተመልከቷቸው። አስቤዛና ማሸጊያ 53፣ ጋዝና የእጅ ዋጋ 10 ይወስዳል። የአምስት ቀኑ የሳምንት ክፍያ 450 ነው፤ ለአንድ ምሳ 90 ማለት ነው። ከ90 ላይ 63 ሲነሳ 27 ይቀራል። ወደ አንድ ሕንፃ መሄጃው 120 ከሆነ፣ አራት ምሳ 108 ብቻ ስለሚያስቀር መንገዱን እንኳ አይሸፍንም። አምስት ምሳ ግን 135 ያስቀራል።

ታዲያ ዝቅተኛውን ትእዛዝ አምስት ላይ ማቆም ይበቃ ይመስላል። እኔ ስድስት አደረግኩት፤ ምክንያቱም በማንኛውም ቀን አንድ ሰው መቅረቱ አይቀርም። ስድስት ተመዝጋቢ ያለው ሕንፃ አንድ ሰው ቢጎድልበትም መንገዱን ይከፍላል። ቁጥሩንም በአንድ ሰው ላይ ሳይሆን በሕንፃው ላይ ነው የጣልኩት። አንድን ሠራተኛ «ቢያንስ ይህን ያህል እዘዝ» ማለት ያሸሸዋል፤ «ስድስት ስትሆኑ እመጣለሁ» ስል ግን የሥራ ባልደረቦቹን ራሱ ያሰባስብልኛል። ተመዝጋቢው ወደ አራት ከወረደ ሕንፃውን አልተውም። የጎደለውን 12 ለአራቱ አካፍዬ በየምሳው 3 እጨምራለሁ፤ ይህንንም ክፍያ ከመቀበሌ በፊት አርብ ላይ እነግራቸዋለሁ። እስካሁን በዚህ ያኮረፈ ደንበኛ አላየሁም።

ብዙ ያሳሰበኝ ደንበኛው ምሳ የሚያስቀርበት ቀን ሒሳብ ነው። መጀመሪያ የሚታሰበው የዚያን ቀን 90 መመለስ ነው፤ ደንበኛውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ነገር ግን በሳምንት አራት ቀን ብቻ ለሚበሉ ሰዎች በ376 የምሸጠው ሌላ ክፍያ አለ፤ ለአንድ ምሳ 94 ይመጣል። የአምስት ቀኑ ተመዝጋቢ በየሳምንቱ አንድ ቀን እያስቀረ 90 ቢመለስለት አራት ቀን በ360 ይበላል። ከመጀመሪያውኑ አራት ቀን ብሎ በሐቅ ከተመዘገበው ያነሰ ይከፍላል ማለት ነው። ይህ ክፍተት ካልተደፈነ የአራት ቀኑን የሚገዛ አይኖርም፤ ሁሉም አምስት ቀን ተመዝግቦ ማስቀረት ይጀምራል።

ስለዚህ የምመልሰውን በሁለቱ ክፍያዎች ልዩነት ወሰንኩት፤ 450 ሲቀነስ 376፣ ማለትም 74። አንድ ቀን ያስቀረ ሰው ልክ እንደ አራት ቀኑ ደንበኛ 376 ይከፍላል፤ ማንም ከማንም አይበልጥም። 74ቱም በዚያ ቀን ከሚተርፍልኝ አስቤዛና ማሸጊያ ይበልጣል፤ ስለዚህ ደንበኛው ተበደልኩ የሚልበት ምክንያት የለውም። «ለምን 90 አይሆንም?» ለሚል ሁለቱን ዋጋዎች ጎን ለጎን አሳየዋለሁ፤ ወዲያው ይገባዋል። ገንዘቡን በእጅ አልመልስም፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ክፍያ ላይ እቀንሳለሁ። በሳምንት የሚፈቀደውም አንድ ቀን ነው።

ሰዓቱን የወሰነው ገበያዬ ነው። ለነገ የምገዛው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ «ነገ አልኖርም» የሚል መልእክት እስከ ስድስት ሰዓት ቀን መድረስ አለበት። ከዚያ በኋላ አስቤዛው ተገዝቷልና የሚቀነስ ነገር የለም። ምሳው ግን በስሙ ቢሮው ይደርሳል፤ ለፈለገው ባልደረባ መስጠት ይችላል። ለአዲስ ደንበኛ ይህችን ደንብ ገንዘብ ከመቀበሌ በፊት ነው የምነግረው። ምሳው ከቀረበት በኋላ ከሰማት ቅጣት ትመስለዋለች።

ማን የትኛውን ቀን እንዳስቀረ በደብተር እይዛለሁ። አንድ ሰው በየሳምንቱ ያንኑ ቀን የሚያስቀር ከሆነ ደውዬ «የአራት ቀኑ ይሻልዎታል፤ ዋጋውም ያው ነው፤ በየሳምንቱ መልእክት ከመላክ ይገላገላሉ» እለዋለሁ። ለእኔ ጥቅሙ ያ ቀን ቀድሞ መታወቁ ነው፤ አስቤዛዬን በልኩ እገዛለሁ፤ የሕንፃው ቁጥር በዚያ ቀን ከአምስት የሚወርድ ከሆነም ከአርብ ጀምሮ አያለሁ።

ሁለት ነገሮች ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ፈቃድ የሚወጣ ሰው እስከ አርብ ካሳወቀ የዚያን ሳምንት አይከፍልም። እኔ ራሴ ሳላበስል የቀረሁበትን ቀን ደግሞ ሙሉውን 90 እቀንሳለሁ፤ ምሳውን ያስቀረሁት እኔ እንጂ ደንበኛው አይደለምና።