አንዲት «ዬ»

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ስቱዲዮ ቀረጻ ላይ የተነሣው ክርክር በአንዲት ፊደል ምክንያት ነው። ዘፈኑ ባለታሪክ ነው፤ ሦስት አንጓ፣ አንዲት የመንዝ ባልቴት፣ መጨረሻው ላይ ዱብ ዕዳ። ግጥሙ ይኸው፦

ሞላሌ ገበያ ጥቁር ጠጉር ገዝታ
ስትፈትል ከረመች ጠዋትና ማታ
«ለማን ነው እማማ?» ሲላት ጎረቤቱ
«ለመንገደኛ ነው፤ ይሄ ነው እውነቱ።»

ነጋዴ መጣና «እጥፍ ልክፈል» አላት
አልሸጥም አለችው ቢማፀን ቢያባብላት
መንገዱን እያየች በሩ ላይ ቁጭ ስትል
«ልጇን ነው» አለ ሰው፣ «ይመጣል ይመጣል።»

በርኖሱ ባለቀ በነጋው ማለዳ
በሯ ተቆልፎ እሳት የለም ጓዳ
ጣርማበር ላይ ታየች በርኖሷን ተላብሳ
ለካ መንገደኛ እሷው ናት እራሷ።

ዘፋኟ ከአራት ቀን ልምምድ በኋላ የመጀመሪያውን አንጓ ስትቀዳ «ለመንገደኛዬ፤ ይሄ ነው እውነቱ» ብላ አለፈችው። ድምፅ ቀጂውም አቀናባሪውም አልነቁም። ሊነቁም አይችሉም ነበር፤ ምክንያቱም ልኬቱ አልተነካም። ግጥሙ የወል ቤት ነው፣ ስድስት ስድስት ቀለም። «ለመንገደኛ ነው» ለ፣ መን፣ ገ፣ ደ፣ ኛ፣ ነው ተብሎ ስድስት ይሆናል። «ለመንገደኛዬ»ም ያው ስድስት ነው። (የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን ድምፅ ነው፤ «መን» ሁለት ፊደል ቢሆንም አንድ ቀለም ነው።) ለውጡ ምት ቢሰብር ኖሮ ከበሮው ራሱ ያጋልጠው ነበር።

ገጣሚው ዘፈኑን ያቋረጠ ያህል እጁን አነሣ።

«ምን አጠፋሁ ጋሼ? ‹ነው› አፍ ውስጥ ይታፈናል። ‹ዬ› ላይ ግን ድምፄን መሳብ እችላለሁ።»

«መሳቡስ ያምራል፤ እኔም ሰምቼዋለሁ። ግን ‹መንገደኛዬ› ስትል አሮጊቷ ሌላ ሰው አላት ማለት ነው። ሦስተኛው አንጓ ላይ ስትዋሽ ትገኛለች።»

«ሴትዮዋ ብትዋሽስ? ዘፈን አይደል?»

«ጎረቤቱ ይሳሳት፣ እሷ ግን አትዋሽም። እዚያው ስንኝ ላይ ‹ይሄ ነው እውነቱ› ብላለች እኮ!»

ክርክሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው። የመጨረሻው አንጓ ሰሚውን የሚይዘው አዲስ ነገር ስለሚያመጣ አይደለም፤ የመጀመሪያው አንጓ ላይ የሰማው ቃል ያኔም እውነት እንደነበረ ስለሚያሳየው ነው። ለዚህ ደግሞ አማርኛ መሸሸጊያ የሚሰጠው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ግሱ ጾታ ይናገራል፦ «ለሚሄደው» ብትል ወንድ፣ «ለምትሄደው» ብትል ሴት መሆኑ ይታወቃል። «መንገደኛው» ሲባልም ወንዱ ይወጣል። ባዶውን «መንገደኛ» ስትለው ግን ወንድም ሴትም፣ ራሷም ሌላም ሊሆን ይችላል። ገጣሚው ያቺን አንዲት ቃል ራቁቷን የተዋት ለዚህ ነው። ሁለተኛው አንጓ ላይ «ልጇን ነው፣ ይመጣል» የሚለው ወንድ አመልካች ንግግር ደግሞ ሆን ተብሎ ለሰዉ አፍ ተሰጥቷል፤ ተራኪው አላለውም።

ዘፋኟ ስላላመነች ሁለቱንም ቀዱና ግጥሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ጠሩ፤ ሻይ የምታቀርበዋን ልጅ። በዚህ ሙከራ ሁለተኛው አንጓ ሲያልቅ ቴፑ ይቆምና «በርኖሱ የማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። «የልጇ» ካለ መሸሸጊያው ሠርቷል። ከዚያ ሦስተኛው ይከፈታል። ልጅቷ የ«ዬ»ውን ሰምታ «እንዴ፣ ልጄ ነው አላለችም ነበር?» አለች። እሷን ከዚያ በኋላ በ«ነው» መሞከር አይቻልም፤ መጨረሻውን ሰምታለች። ስለዚህ የግቢው ዘበኛ ተጠሩ። እሳቸው የ«ነው»ን ሲጨርሱ ዝም አሉ፤ ቆይተው «እስቲ የመጀመሪያውን መልሱልኝ» አሉ።

የድምፁ ችግር ግን እውነተኛ ነበር፤ ዘፋኟ ያለምክንያት አልቀየረችም። «ነው» ተዘግቶ የሚያልቅ ቀለም ስለሆነ ረጅም ኖታ ሲጫንበት ይታነቃል። አቀናባሪው ረጅሙን ኖታ አንድ ቀለም ወደ ኋላ መልሶ «ኛ» ላይ አስቀመጠው፣ «ነው» አጭር ሆኖ ወደቀ። «ኛ» አፍ የሚያስከፍት ድምፅ ነው፤ የፈለገችውን ያህል ሳበችበት። አዝማቹም እንዲሁ ተፈትሾ «የኔ መንገደኛ» የሚለው ወጥቶ «መንገደኛ ሆዬ» ገባ።

ካሴቱ ላይ ያለው «ነው» ነው። መድረክ ላይ ግን ሰርግ ቤት ጭብጨባው ሲሞቅ ዘፋኟ ዛሬም «መንገደኛዬ» ትላለች፤ ሰዉም አብሯት ይላል፤ ገጣሚው ካለ ከወንበሩ ተነሥቶ ይወጣል።