ደረቱ 22፣ እጅጌው 63

ድሬዳዋ ውስጥ "ጃኬት ልገዛ ነው" ብሎ ማውራት ጤናን ያስጠረጥራል። ግን ሐምሌ ላይ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ልሄድ ነው። የዚያን ከተማ ብርድ የቀመሰ ይፈርድልኛል።

ቴሌግራም ላይ ቆንጆ ጃኬት አየሁ። ሻጩ አዲስ አበባ ነው። "ኤክስ ኤል" ይላል። ኤክስ ኤል ደግሞ እንደ ፋብሪካው ነው፤ አንዱ ይውጥሃል፣ ሌላው ትንፋሽ ያሳጥርሃል። ስለዚህ ጻፍኩለት፦

"ሰላም ወንድሜ። ዚፑን ዘግተህ ጠረጴዛ ላይ ዘርጋልኝና አራት ነገር ለካልኝ። ደረቱን ከብብት እስከ ብብት፣ ትከሻውን ከስፌት እስከ ስፌት፣ እጅጌውን ከትከሻው ስፌት እስከ ጫፉ፣ ቁመቱን በኋላ በኩል ከኮሌታው ሥር እስከ ታች።"

"ስንት ኪሎ ነህ?" አለኝ።

"78።"

"ልክህ ነው። ልላከው?"

ኧረ በፈጠረህ! ቦርጫሙም 78፣ ትከሻ ሰፊውም 78 ነው። እጅጌ ቢረዝም ልብስ ሰፊ ያሳጥረዋል። ትከሻው ከሰፋ ግን እጅጌውን ፈትቶ እንደገና መስፋት ነው። ደረቱ ከጠበበማ የሚለቀቅ ጨርቅ ከየት ይመጣል? ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ከብዙ ዝምታ በኋላ መለሰ፦

"ደረት 22። ትከሻ 48። እጅጌ 63። ቁመት 28።"

ልኬን የሚያውቀውን አሮጌ ጃኬቴን አልጋ ላይ ዘርግቼ ለካሁ። ደረት 57፣ ትከሻ 47፣ እጅጌ 64፣ ቁመት 70 ሴንቲሜትር። የሱ ደረት በእጥፍ ሲሰላ 44 ነው። እሱ እኮ ጭኔን እንኳን በደንብ አይዞርም! እጅጌው ግን የኔው ልክ ነው። እህቴ ስልኬን አይታ፣ "አቦ፣ ይሄ ለዝንጀሮ ነው የተሰፋው" አለች።

ነገሩ የገባኝ የልብስ ሰፊውን ሜትር ስገለብጠው ነው። በአንድ ጎኑ ሴንቲሜትር፣ በሌላው ኢንች አለው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር ነው። 22 ኢንች 56 ሴንቲሜትር ሆነ፣ 28ቱ ደግሞ 71። ሰውዬው እየለካ ሜትሩ እጁ ላይ ይገለበጣል ማለት ነው። 56 በእጥፍ 112 ይሆናል። የኔ ደረት ዙሪያ 101 ነው። ውስጡ ሹራብ ይገባል፣ ተገኘ!

ለማረጋገጥ ያህል፣ "ወንድሜ፣ ደረቱና ቁመቱ በኢንች ነው አይደል?" አልኩት።

"በሜትር ነው የለካሁት" አለኝ፤ ኮስተር ብሎ።

"እሺ፣ ሜትሩን ደረቱ ላይ ዘርግተህ ፎቶ አንሳልኝ።"

ፎቶው መጣ። ጃኬቱን ራሱ ለብሶታል። ሜትሩን በደረቱ ዙሪያ ጠምጥሞ፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ ፈገግ ብሏል። ቁጥሩ በእጁ ተሸፍኗል።

እንደገና ለምኜ፣ በመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ጃኬት ላከልኝ። ከብብት እስከ ብብት፣ ጥርት ያለ 56! በደስታ "ላክልኝ፣ ብሩን አሁኑኑ አስገባለሁ" ብዬ ጻፍኩ።

"ውይ፣ እሱ እኮ ተሸጠ። ፎቶ ሳነሳው አንዱ አይቶ ወደደው። ላርጅ ግን አለ፣ ሲለበስ ይሰፋል።"