ሌላ ምርጫ ባይኖረውስ?

ሰሞኑን ማታ ማታ የማነበው ስለ ነጻ ፈቃድ ነው። እንቅልፍ የሚነሳ ነገር ነው፣ ጥያቄው ግን ለመናገር ቀላል ነው። የዛሬው ውሳኔዬ ከትናንቱ ሁኔታ የመጣ ነው እንበል፣ የትናንቱም ከትናንት ወዲያው፣ እንዲህ እያልን ወደ ኋላ ብንሄድ እኔ ያልተወለድኩበት ዘመን እንደርሳለን። ያንን ዘመን መለወጥ አልችልም። የተፈጥሮን ሕግም አልለውጥም። ታዲያ በሁለቱ የተወሰነውን ውሳኔ በምን አፌ "የኔ ነው" እላለሁ? ፈላስፋው ፒተር ቫን ኢንዋገን በ1983 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ክርክር ጥብቅ አድርጎ አስሮታል።

ይህ "የግንባሩ ጽሑፍ ነው" ከምንለው ይለያል። የግንባር ጽሑፍ ማለት ምንም ብታደርግ አይቀርልህም ነው። ዲተርሚኒዝም፣ ማለትም ሁሉም ነገር ከበፊቱ ሁኔታና ከተፈጥሮ ሕግ ተወስኖ ይመጣል የሚለው ሐሳብ፣ ግን የሚሆነው ነገር የሚሆነው በምታደርገው በኩል ነው ይላል። ፈተናውን ያለፍከው ስላጠናህ ነው። ማጥናትህም ምክንያት ነበረው፣ በቃ።

ኮምፓቲቢሊስቶች የሚባሉት ሁሉም ነገር ምክንያት ቢኖረውም ሰው ነጻና ተጠያቂ ሊሆን ይችላል ባዮች ናቸው። ዴቪድ ሂዩም በ1748 የሰጠው መልስ፣ ባጭሩ፣ ካልታሰርክ እና እንደ ፈቃድህ ካደረግክ ነጻ ነህ የሚል ነው። ለኔ ይህ ብቻውን አይበቃም። ተቃዋሚው ወዲያው "ፈቃዱስ ቢሆን ሌላ ሊሆን ይችል ነበር ወይ?" ብሎ ይይዝሃል።

እዚህ ጋ ነው ሃሪ ፍራንክፈርት በ1969 የመጣው። ሌላ ማድረግ መቻል ለተጠያቂነት ጭራሽ አያስፈልግም አለ። ምሳሌውን በኛ ነገር ልንገራችሁ።

አንድ የእቁብ ገንዘብ ያዥ አለ። ቅዳሜ ነው፣ የሰው ብር ቦርሳው ውስጥ ነው፣ ዕዳ አለበት፣ ይዞ ለመጥፋት እያሰበ ነው። እሱ ሳያውቅ አንድ ተንኮለኛ ጭንቅላቱ ውስጥ መሣሪያ ቀብሮበታል። ሰውየው ብሩን ለባለ ዕጣው ወደ መስጠት ካዘነበለ መሣሪያው ይነሳና ሐሳቡን ወደ መጥፋት ይመልሰዋል። ግን አላስፈለገም። ሰውየው አሰበ፣ ዕዳውን አሰላ፣ በራሱ ወሰነና ጠፋ። መሣሪያው ድምፁን እንኳ አላሰማም።

ሌላ ማድረግ ይችል ነበር? አይችልም። እቁብተኛው ግን "ምን ያድርግ፣ ምርጫ አልነበረውም" ብሎ ይምረዋል? እንዴት ተደርጎ! መሣሪያው ቢወገድም ያው ይሰርቅ ነበርና። ስለዚህ ይላል ፍራንክፈርት፣ ዋናው ነገር ስንት በር ክፍት ነበር ሳይሆን ድርጊቱ ከየት መነጨ ነው።

ደስ ይላል፣ ግን ያለ ጥል አላለፈም። ሮበርት ኬንና ዴቪድ ዊደርከር የያዙት ቦታ ከባድ ነው። መሣሪያው ሰውየው ሊመልስ መሆኑን አስቀድሞ በምን ያውቃል? በአንድ ምልክት፣ ለምሳሌ ፊቱ ቀላ ከማለቱ። ምልክቱ ፈጽሞ የማይሳሳት ከሆነ ውሳኔው ቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ የምንከራከርበትን ነገር ከወዲሁ እንደ እውነት መውሰድ ነው። የሚሳሳት ከሆነ ደግሞ ሰውየው በመጨረሻዋ ሰኮንድ ሐሳቡን ሊቀይር ይችል ነበር፣ ምርጫ ነበረው። ጆን ማርቲን ፊሸር ደግሞ ምሳሌው የሚያሳየው ሌላ ነው ይላል። ምርጫ አለመኖሩ ብቻውን ከወቀሳ አያድንም፤ ተከራካሪው የሚያድነው ሌላ ምክንያት ካለ ያምጣ። ለኔ ይህ መልስ ግማሹን መንገድ ብቻ ነው የሚወስደኝ።

ይበልጥ የወደድኩት ፊሸርና ማርክ ራቪዛ በ1998 ያመጡትን መለኪያ ነው። መሣሪያውን ለጊዜው ተዉትና የሰውየውን የራሱን አስተሳሰብ ብቻ ተመልከቱ። በዚያችው ሰዓት ባለ ዕጣዋ ደውላ "ልጄ ሆስፒታል ናት፣ ዛሬ ካልከፈልኩ አይሆንም" ብትለው ሊመለስ ይችል ነበር? ይህም ባይመልሰው ሌላ በቂ ምክንያት ይመልሰው ነበር? አዎ ከሆነ አእምሮው ምክንያት ይሰማል፣ ስለዚህ ይጠየቃል። ፖሊስ አጠገቡ ቆሞ እንኳ እጁን መሰብሰብ የማይችል የስርቆት ሕመምተኛ ግን ሌላ ነው። የሁለቱም ድርጊት ምክንያት አለው። ልዩነቱ ምክንያቱ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። እኛም ሰው ስንወቅስ በተግባር የምንጠይቀው ይህንኑ ይመስለኛል፣ ስለ ዓለም አፈጣጠር ማን ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ያ ምክንያት የሚሰማው አእምሮ ራሱ ከልጅነት ጀምሮ በሌላ ሰው ታስቦበት የተቀረጸ ቢሆንስ? ፊሸርና ራቪዛ ሰው እየተወቀሰና እየተመሰገነ ሲያድግ አእምሮውን የራሱ አድርጎ ይቀበለዋል፣ ባለቤትነቱ ከዚያ ይመጣል ይላሉ። ያ መቀበል ራሱ የተቀረጸ ቢሆን ምን እንደሚለወጥ ግን አጥጋቢ ነገር አላገኘሁም። በእቁቡ ሰውዬ ላይ ብፈርድ ግን፣ ብሩን ከነወቀሳው አስመልሰው ነበር።