7.7 ኪሎ የመዘነው ኪዩብ፦ ከጅማ ሳይት የስላምፕና የናሙና ማስታወሻ

ለሶሌታ የተሞላ ሲ-25፣ ማለትም በ28ኛው ቀን 25 ሜጋ ፓስካል መሸከም ያለበት ኮንክሪት እንውሰድ። ከአንድ ሚክሰር የወጡ ሦስት የመፈተኛ ኪዩቦች በ28ኛው ቀን ሲሰበሩ ማሽኑ 610፣ 595 እና 455 ኪሎ ኒውተን አነበበ እንበል። የኪዩቡ ጎን 150 ሚሊሜትር ስለሆነ ጭነቱ የሚያርፍበት ስፋት 22,500 ካሬ ሚሊሜትር ነው። የተነበበውን ለ22.5 ማካፈል ብቻ ነው፦ 27.1፣ 26.4 እና 20.2 ሜጋ ፓስካል። አማካዩ 24.6 ይመጣና ሶሌታው «ወደቀ» ይባላል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ክርክር ይታወቃል፤ ሲሚንቶው ነው፣ አሸዋው ነው፣ ማሽኑ ነው።

ከክርክሩ በፊት የሦስቱ ልዩነት ይታይ። በትልቁና በትንሹ መካከል ያለው 6.9 ነው። የአማካዩ 15 በመቶ ግን 3.7 ብቻ ነው። ከአንድ ቡኮ የወጡ ኪዩቦች ከ15 በመቶ በላይ ከተራራቁ ምክንያቱ ሳይጣራ አማካዩን ይዞ መፍረድ ልክ አይደለም። ምክንያቱን ለማግኘት ደግሞ ከመሰበራቸው በፊት በሚዛን የተጻፈ ክብደት ያስፈልጋል። ብዙ ሳይት ላይ ይህን የሚጽፍ የለም፤ ሚዛን አጠገቡ እያለ።

ሁለቱ ኪዩቦች 8.15 እና 8.10 ኪሎ መዘኑ፣ ሦስተኛው 7.70። የኪዩቡ ይዘት 0.003375 ሜትር ኩብ ነው፤ 8.10 ማለት በሜትር ኩብ 2,400 ኪሎ፣ 7.70 ማለት ደግሞ 2,280 ገደማ ነው። ድብልቁ አንድ ስለሆነ የጎደለው 5 በመቶ አየር ነው፣ ማለትም ያልተጠቀጠቀ ኮንክሪት። 1 በመቶ ባዶ ቀዳዳ ጥንካሬውን ከ5 እስከ 6 በመቶ ያወርዳል፤ በ5 በመቶ ቀዳዳ ከ27 ወደ 20 መውረዱ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ኪዩብ የተናገረው ስለ ሶሌታው ሳይሆን ሞልዱን ስለሞላው ሰው እጅ ነው። (ቁጥሩ ግን ከመዝገብ አይፋቅም፤ ከነክብደቱና ከነምክንያቱ ይጻፋል።)

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው የመጨረሻው ሞልድ ነው። ሚክሰሩ ቀጣዩን እያቡካ፣ ቀን ሠራተኛው በጋሪ እየጠበቀ፣ ሁለቱ በሥርዓት ይሞሉና ሦስተኛው በሁለት አካፋ ሞልቶ በማንኪያ ይለሰናል። ትክክለኛው አሞላል በሦስት ንብርብር ነው፤ እያንዳንዱ 50 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ይኖረዋል፣ ጫፉ 25 በ25 ሚሊሜትር በሆነ የብረት ዘንግ ቢያንስ 35 ጊዜ ይወጋል። ማዕዘኖቹ አይዘለሉም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ንብርብር ሲወጋ ዘንጉ ከታች ያለውን ንብርብር ትንሽ መንካት አለበት፣ አለበለዚያ መገናኛው ላይ ስንጥቅ የመሰለ መስመር ይቀራል። በመጨረሻ የሞልዱ ጎን በጎማ መዶሻ ቀስ ተደርጎ ይመታል፤ ትልልቅ የአየር አረፋ ላይ መውጣቱን ሲያቆም ይበቃል። ሲፈታ ጎኑ ላይ የንብ ቀፎ የሚመስል ቀዳዳ የሚታይበት ኪዩብ ክብደቱ ሳይለካም ያስታውቃል፤ ያኔውኑ ፎቶ ይነሳ።

ሲሰበር ቅርጹም ይናገራል። በደህና የተጫነ ኪዩብ አራቱም ጎኖቹ ተመሳሳይ ተሰንጥቀው፣ ጎን ጎኑ ተልጦ መሐሉ እንደ ሁለት ፒራሚድ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ ይቀራል። አንድ ጎኑ ብቻ ፈርሶ ሌላው ደህና ከሆነ ጭነቱ አዘንብሏል፣ ወይም ሞልዱ ቀጥ አላለም። በማንኪያ የተለሰነው ፊት ወደ ላይ ሆኖ ማሽን ውስጥ ከገባም እንዲሁ ነው፤ ያ ፊት ሁልጊዜ ወደ ጎን ይዞራል። የጭነቱ ፍጥነት በሰከንድ 13.5 ኪሎ ኒውተን አካባቢ ሲሆን 600 ለመድረስ 45 ሰከንድ ያህል ይወስዳል። በ15 ሰከንድ የተሰበረ ኪዩብ ከእውነተኛው በላይ ያነባል።

አሁን ሌላውን ሁኔታ እንይ፦ ሦስቱም 8.1 አካባቢ መዝነው፣ ሦስቱም 20 ላይ ተሰበሩ። እዚህ እጁን መክሰስ አይቻልም፤ የዚያን ቀን የስላምፕ ገጽ፣ ማለትም ኮኑ ሲነሳ ኮንክሪቱ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ የተጻፈበት፣ ይከፈት።

ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ እስከ መስከረም ስለሚዘልቅ ሸራ ያልለበሰ የአሸዋ ክምር ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደለም። 50 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 50 በ40 በ20 ሴንቲሜትር በሆነ ሳጥን ሁለት አሸዋና ሦስት ጠጠር እየተሰፈረ ነው እንበል። ሁለቱ ሳጥን አሸዋ 115 ኪሎ ያህል ይሆናል። እርጥበቱ ከ3 ወደ 7 በመቶ ሲወጣ ማንም ያልሰፈረው 4.5 ሊትር ውሃ ሚክሰሩ ውስጥ ይገባል። በ25 ሊትር ታስቦ የነበረው የውሃና የሲሚንቶ ምጥን ከ0.50 ወደ 0.59 ያልፋል፤ ጠዋት 70 ሚሊሜትር የነበረው ስላምፕም ከሰዓት ከ100 በላይ ሲሆን ይታያል። በዚህ ላይ «ኢንጂነር፣ ደርቋል፣ ትንሽ ይጨመርበት» የሚል ከመጣ አበቃ።

እርጥበቱን ለማወቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። 500 ግራም አሸዋ ተመዝኖ በምጣድ ላይ ቀለሙ እስኪነጣና እስኪበታተን ይቆላል፣ ቀዝቅዞ እንደገና ይመዘናል። 467 ግራም ከሆነ የጠፋው 33 ነው፤ ለ467 ሲካፈል 7 በመቶ። ከታሰበው 3 በመቶ በላይ የሆነው፣ ማለትም 4.5 ሊትር ያህሉ፣ ከባልዲው ውሃ ይቀነሳል።

ስላምፑ ራሱ ሊያታልል ይችላል። ኮኑ ቁመቱ 300፣ ታቹ 200፣ ላዩ 100 ሚሊሜትር ነው። ውስጡም የሚቀመጥበት ብረትም ይረጥባል እንጂ ውሃ አይተኛበትም። ናሙናው ከሚክሰሩ መሐል ይወሰድ፤ መጀመሪያ የሚፈሰውም የመጨረሻውም ድብልቁን አይወክልም። ኮኑ በሁለት እግር ተረግጦ በሦስት ንብርብር ይሞላል፣ እያንዳንዱ በ16 ሚሊሜትር ድቡልቡል ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል፣ ከላይ ተስተካክሎ በዙሪያው የፈሰሰው ይጠረጋል። ከዚያ ሳይጠመዘዝ ቀጥ ብሎ በ5 ሰከንድ ገደማ ይነሳል። ከሙሌቱ መጀመሪያ እስከ ማንሳቱ ከሁለት ደቂቃ ተኩል አይለፍ። በአንድ ጎን ተንሸራትቶ የወደቀ ከሆነ ቁጥር አይጻፍም፤ በሌላ ናሙና ይደገማል። ድጋሚውም ከተንሸራተተ ድብልቁ አይያያዝም ማለት ነው፤ አሸዋው ያነሰ ወይም ሻካራ ሊሆን ይችላል።

ስላምፑ ልክ ሆኖ፣ ክብደቱም ልክ ሆኖ ጥንካሬው ካነሰ ቀጥሎ የሚጠየቀው የመጀመሪያዋ ሌሊት ናት። የተሞላው ሞልድ ሳይነቃነቅ ጥላ ውስጥ ይደር፤ በፕላስቲክና በላዩ በረጠበ የቡና ጆንያ ይሸፈን። በማግስቱ ተፈትቶ ወዲያው 20 ዲግሪ አካባቢ ያለ ውሃ ውስጥ ይገባል። የጅማ አየር ለዚህ የተመቸ ነው፣ በርሜሉ ፀሐይ ካልመታው። በፒክአፕ ጀርባ ወደ ላብራቶሪ የሚሄድ ኪዩብ በረጠበ ጆንያ ተጠቅልሎ ይጫን እንጂ ከነሞልዱ በመጀመሪያው ቀን በኮሮኮንች መንገድ አይናጥ።

ኪዩቡ ላይ ቀኑ፣ የተሞላው ክፍልና ቁጥሩ ውሃ በማይፈታው ቀለም ይጻፍ። መዝገቡ ላይ ከዚህ ጎን ስላምፑ፣ ሰዓቱ፣ የአሸዋው እርጥበት፣ የኪዩቡ ክብደትና ሞልዱን የሞላው ሰው ስም ይግቡ።