ቱርክኛ የተጻፈበት የመድኃኒት ፓኬት፦ እስካሁን የደረስኩበት

ቱርክኛ አልችልም፤ የቱርክ መድኃኒት ፓኬት ማንበብ ግን እየለመድኩ ነው። ሰሞኑን እጄ ላይ ያለው የጉንፋን እንክብል ነው። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን የንግድ ስም አልፈዋለሁ። እሱ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሲብስም አንዱ ስም በሁለት አገር ሁለት የተለያየ መድኃኒት ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ፍሎማክስ ማለት ለፕሮስቴት የሚታዘዘው ታምሱሎሲን ነው፤ ጣሊያን ውስጥ በዚሁ ስም የተሸጠው ግን ሞርኒፍሉማት የሚባል የብግነት ማስታገሻ ነው።

የምፈልገው በደቃቁ የተጻፈውንና ከጎኑ ሚሊግራም ያለበትን መስመር ነው። ቱርኮች ዋናውን ንጥረ ነገር «ኤትኪን ማዴ» ይሉታል። እኔ ባገኘሁት ላይ ሦስት ስሞች ነበሩ፦ ፓራሴታሞል 500፣ ፕሶዶኤፌድሪን ሂድሮክሎሩር 30፣ ክሎርፌኒራሚን ማሌአት 2 ሚሊግራም። ድምፅ አውጥቼ ሳነባቸው ሦስቱም የማውቃቸው ሆኑ፤ የማስታገሻው ፓራሲታሞል፣ የታፈነ አፍንጫ የሚከፍተው ሱዶኤፌድሪን፣ እንቅልፍ የሚያመጣው የአለርጂ መድኃኒት። የዓለም ጤና ድርጅት ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የጋራ ስም ስለሚያወጣ፣ አገሩ አጻጻፉን ቢያጣምመውም ድምፁ ብዙም አይርቅም። ከዚህ ወጣ የሚሉት ጥቂት ናቸው። ፓራሲታሞል አሜሪካና ጃፓን ውስጥ አሴታሚኖፌን፣ ሳልቡታሞል ደግሞ አሜሪካ ውስጥ አልቡቴሮል ይባላል። እነዚህን በቃል መያዝ ነው።

«ሂድሮክሎሩር»ና «ማሌአት» የጨው ስሞች ናቸው፤ ስሙን ከማውቀው ጋር ሳዛምድ ለጊዜው እተዋቸዋለሁ። ሚሊግራም ሳወዳድር ግን አልረሳቸውም። የደም ግፊቱ አምሎዲፒን ከነቤሲላቱ ወደ 6.9 ሚሊግራም ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ያው የምናውቀው ባለ 5 ሚሊግራሙ ነው።

ማዛመዱ ፋይዳው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ፓናዶልም ፍሬው 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ነው። አንድ አዋቂ ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን አራት ጊዜ ከዋጠ 4 ግራም ይሞላል፤ የቀኑ ጣሪያ ያ ነው፣ ጉበቱ የተጎዳ ሰው ደግሞ ከዚያ በታች ነው የሚፈቀድለት። የጉንፋኑን እንክብል አንድ አንድ ፍሬ አራት ጊዜ ቢጨምርበት 6 ግራም ሆነ ማለት ነው። አደገኛነቱ ወዲያው የማያሳምም መሆኑ ነው፤ ጉበት መጎዳቱ የሚታወቀው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ሱዶኤፌድሪኑም የደም ግፊት ላለበት ሰው አይሆንም፤ ፓኬቱን «የጉንፋን ነው» ብሎ ያለፈ ይህን አያየውም።

በድምፅ ብቻ መሄድም ያሳስታል፤ ኦሜፕራዞልና ኤሶሜፕራዞል የአንድ ቤተሰብ ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሲያጠራጥረኝ N02BE01 የመሰለ ኮድ አለ ወይ ብዬ መመሪያውን አገላብጣለሁ። ይኼኛው ለብቻው ያለ ፓራሲታሞል ኮድ ነው፣ በየትኛውም ቋንቋ አይለወጥም። ቀስ ብሎ የሚለቀቅ ዓይነት ከሆነ ግን ስሙም መጠኑም ቢገጥም በሌላው ቦታ አልተካውም፤ ፋርማሲስት እጠይቃለሁ።

አሁን ሽሮፕ ላይ ነኝ። እሱ ላይ ከስሙ ይልቅ «በ5 ሚሊሊትር» የሚለው ነው ወሳኙ፤ የልጆች ፓራሲታሞል 120ም 250ም ሚሊግራም ሆኖ ይመጣል፣ ማንኪያው ግን ያው ነው።